አፌክት ግስ፣ ኢፌክት ስም ብላችሁ የምታጠኑ፣ ይቺን አንብቡልኝ

ይህን የምጽፈው ያኔ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ለባንክ የጽሑፍ ፈተና ተዘጋጅቼ፣ የሒሳቡን ክፍል በደንብ ሠርቼ፣ በእንግሊዝኛው ወደቅኩ። የጣለኝ ከባድ ሰዋስው አይደለም። የሚምታቱት ጥንድ ጥንድ ቃላት ናቸው። አፌክትና ኢፌክት፣ ፕሪንሲፓልና ፕሪንሲፕል።

ዝግጅቴ የሁሉም ሰው ዝግጅት ነበር። አንድ ማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ፣ ሃንዳውት ፎቶ ኮፒ አስደረግኩ፣ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ዛፍ ሥር እየተቀመጥኩ ሸመደድኩ። አስተማሪያችን ስለ መጀመሪያው ጥንድ የሰጠን ደንብ አንድ መስመር ነው። «በኤ የሚጀምረው ግስ ነው፣ በኢ የሚጀምረው ስም ነው፣ ሌላ ጣጣ ውስጥ አትግቡ» አለን። ሃንዳውቱም ላይ በደማቁ እንደዚያው ተጽፏል።

ፈተናው ላይ የመጣው ዐረፍተ ነገር ዛሬም ፊቴ ላይ አለ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በብድር አሠራሩ ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ ተስፋ ያደርጋል ነው ነገሩ። ከባዶ ቦታው በፊት ‹ቱ› አለ፣ ከኋላው ‹ኤ ቼንጅ› ይላል። ‹ቱ›ን ሳይ ልቤ ሞላ። ከ‹ቱ› በኋላ ግስ ነው የሚገባው፣ ግስ ደግሞ በኤ የሚጀምረው ነው፣ አለቀ። አሥር ሰከንድ እንኳ አልፈጀብኝም። አጥቁሬ አለፍኩ።

ማታ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ኢፌክትም ግስ ይሆናል! ትርጉሙ ‹ማምጣት፣ እውን ማድረግ› ነው። ‹ለውጥ ማምጣት› በእንግሊዝኛ የሚባለው በኢ በሚጀምረው ነው። እኔ ያጠቆርኩት ደግሞ ‹ለውጡን መንካት› ማለት ነው፤ አስቀድሞ ያለ፣ በሂደት ላይ ያለ ለውጥ ሲኖርና አንድ ነገር ሲነካው የሚባለው ማለት ነው። በጥያቄው ውስጥ ግን ለውጡ ገና አልተወለደም። ሰውየው ተስፋ ነው የሚያደርገው። ይህን ለማየት ሰዋስው ማወቅ አያስፈልግም ነበር፤ ዐረፍተ ነገሩን ረጋ ብሎ ማንበብ ብቻ ይበቃ ነበር፣ እኔ ግን ደንቡን አምኜ ማንበቤን ተውኩ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሳምንት ቆይቼ አስተማሪውን ጠየቅኩት። «እሱ አልፎ አልፎ ነው፣ ፈተና ላይ አይመጣም» አለኝ። መጣብኝ እኮ ነው የምለው! ፈተና አውጪ ሁሉም ሰው የሸመደደውን ደንብ ያውቀዋል፤ የሚያወጣው ደንቡ የሚሰበርበትን ቦታ ነው። ውጤቴን ባየሁ ጊዜ ከማለፊያው በሁለት ነጥብ ነው የጎደልኩት። የተሳሳትኩት ይሄን አንድ ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን እሱን ነው የማልረሳው። ወረቀቴን ለማየት ብጠይቅም «አይታይም» ተባልኩ፣ ምክንያት የነገረኝ የለም።

ከዚያ በኋላ ደንቡን ጣልኩትና በራሳችን ቋንቋ ጀመርኩ። ኢፌክት ከላቲን የመጣ ቃል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ‹ወደ ውጭ› ማለት ነው፣ ሁለተኛው ‹መሥራት›። ሠርቶ ማውጣት እንደማለት። የኛ ‹ውጤት› ደግሞ ከምን መጣ? ከ‹ወጣ›! ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ነው የደረሱት። ስለዚህ ስም ሲሆን የወጣው ነገር ነው፣ ግስ ሲሆን አንድን ነገር ማውጣት፣ ማስገኘት ነው። አንድ ሐሳብ ሁለቱንም ይይዛል። አፌክት ደግሞ ‹ነካ› ነው። በቃ፣ ነካ።

‹ነካ› የምለው በምክንያት ነው። እኛ አፌክትን ‹ተጽዕኖ አሳደረ› እያልን ነው የተማርነው፣ ኢፌክትንም ‹ተጽዕኖ› እያልን። አንድ ቃል ለሁለቱም ስንሰጥ እንዴት አይምታታብን? ሌላም ጉዳት አለው። እምቦጩን ውሰዱ። በአማርኛ «እምቦጩ በአስጋሪዎች ላይ ተጽዕኖ አሳደረ» እንላለን። ‹ላይ› አለች አይደል? እሷን ይዘን እንግሊዝኛው ውስጥ እንገባና አፌክት ላይ ‹ኦን› እንጨምራለን። ስህተት ነው። አፌክት እንደ ‹ነካ› በቀጥታ ነው የሚያርፈው፤ እምቦጩ አስጋሪዎቹን ነካቸው። ‹ኦን› የምትከተለው ኢፌክትን ነው፤ እምቦጩ በአስጋሪዎች ላይ ያለው ውጤት። ፈተና ላይ ከባዶው ቦታ ቀጥሎ ‹ኦን› ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ በኢ የሚጀምረው ነው። ብቻ ከ‹ኦን› በኋላ የመጣው የቀን ስም ከሆነ አትቸኩሉ። ‹ሰኞ ዕለት ተነካ› ለማለትም ‹ኦን› ይገባል።

ሁለተኛውን ጥንድ ያስተካከሉልኝ ጎረቤታችን ናቸው፣ ባንክ ብድር ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው። ሃንዳውቱ ‹በኤ-ኤል የሚያልቀው የትምህርት ቤት ኃላፊ ነው፣ በኤል-ኢ የሚያልቀው መርህ ነው› ይላል። እውነት ነው፣ ግን ለባንክ ፈተና የሚጠቅመው ግማሹ ነው። ጋሼ ቡና እየጠጡ ሃንዳውቱን አዩትና «ልጄ፣ እኛ ዘንድ ርዕሰ መምህር ምን ይሠራል?» አሉኝ። ከዚያ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፉልኝ። አንድ ሰው 50,000 ብር ቢበደርና በዓመት 15 በመቶ ቢታሰብበት፣ 50,000ው ፕሪንሲፓል ነው፣ 7,500ው የዓመቱ ወለድ ነው። «ዋናና ወለድ እንላለን» አሉ።

ዋና! እዚህ ላይ ነው የተገለጠልኝ። የትምህርት ቤቱ ዋና ኃላፊ፣ ዋና ምክንያት፣ ዋና ገንዘብ። ሦስቱም በኤ-ኤል የሚያልቀው ናቸው። በባዶው ቦታ ‹ዋና› ብላችሁ ሞክሩ፤ ከገባ እሱ ነው። ‹መርህ› ከገባ በኤል-ኢ የሚያልቀው ነው፤ ‹ፕሪንሲፕል ያለው ሰው› ስንል የምናወራው ስለሱ ነው። አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ። መርህ የሚለው ስም ብቻ ነው። ባዶው ቦታ ስምን የሚገልጽ ቃል ከፈለገ፣ ለምሳሌ ‹____ ምክንያት› ዓይነት ከሆነ፣ ሳታስቡ በኤ-ኤል የሚያልቀውን አጥቁሩ። ‹ፕሪንሲፕልድ› የምትል ገላጭ አለች፣ ባለ መርህ ማለት ናት። እሷ ግን መጨረሻዋ ላይ ዲ ስላላት ትታወቃለች።

አጠናኑን በተመለከተ ሁሉም የሚመክረውን ተቃራኒ ነው የምለው። ጥንዶቹን ጎን ለጎን በሰንጠረዥ አታጥኑ። እኔን ያምታታኝ ራሱ ሰንጠረዡ ነው፤ ፈተና ላይ ትዝ የሚለኝ ሁለቱ ቃላት አብረው መሆናቸው ነው እንጂ የትኛው የቱ እንደሆነ አይደለም። ለሁለተኛው ፈተና አፌክትን ብቻዋን ሙሉ ሳምንት ይዣት ዞርኩ። ዝናቡ ገበያውን ነካ፣ የነዳጁ ዋጋ ባጃጁን ነካ፣ እያልኩ አባይ ማዶ እስክደርስ በሆዴ ዐረፍተ ነገር እሠራለሁ። ኢፌክትን የነካኋት አፌክት ከገባችኝ በኋላ ነው።

ሁለተኛውን ፈተና አለፍኩ። ሃንዳውቱ ግን ዛሬም ፎቶ ኮፒ ቤት ይሸጣል፣ ደንቡም አልተስተካከለም። እጃችሁ ከገባ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለችውን ያቺን ደማቅ መስመር ሰርዟትና ከጎኗ በእስክሪብቶ ‹ነካ› እና ‹ወጣ› ብላችሁ ጻፉ።