የማስታገሻ ሕክምና አሳይመንቴ፦ «አባባ እንዳይሰማ»

ደብረ ማርቆስ ነርሲንግ እየተማርኩ ነው። የማስታገሻ ሕክምና አሳይመንቴ የደረሰበትን ላካፍላችሁ። የተሰጠኝ ታሪክ እንዲህ ይላል። በሽተኛው ከቢቸና አካባቢ የመጡ የ62 ዓመት ገበሬ ናቸው። የጨጓራ ካንሰራቸው ጉበት ደርሷል፤ ከእንግዲህ የሚያድን ሕክምና የለም። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ አልያዘላቸውም። ሕመሙ ከ10 ስንት ነው ሲባሉ 8 ይላሉ። ትልቁ ልጃቸው ደግሞ «አባባ እንዳይሰማ» ብሎ ይለምናል።

መጀመሪያ ሕመሙን ያዝኩ። እየተሰቃየ ካለ ሰው ጋር ቁም ነገር አይወራም። የሚጠጣ ሞርፊን 5 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12። ምሽት 4 ሰዓት ላይ እጥፉን ወስደው ይተኛሉ፤ ሌሊት መቀስቀስ ይቀርላቸዋል። በመሃል ሕመሙ ከተነሳ ሌላ 5 ይጨመራል። በቀን ሦስት ጊዜ ከተጨመረ የቀኑ መደበኛ 30 እና የተጨመረው 15 ተደምሮ 45 ሚሊግራም ይመጣል። በየ4 ሰዓቱ ማለት በቀን 6 መጠን ስለሆነ፣ ለ6 ሲካፈል አዲሱ መጠን 7.5 ነው። ሞርፊን እንቅልፍና የሆድ ድርቀት ያመጣል። እንቅልፉ በጥቂት ቀን ይለቃል፤ ድርቀቱ ግን አይለቅም። ስለዚህ ሆድ የሚያለሰልሰው ቢሳኮዲል ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይጀመራል። ሲጠሯቸው አልነቃ ካሉና ትንፋሻቸው ከዘገየ ቀጣዩ መጠን አይሰጥም፤ ሐኪም ወዲያው ይጠራል።

ንግግሩን ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ተለማመድነው። ልጅየውን «ልክ አይደለህም» ማለት ምንም አይጠቅምም። ፈርቶ ነው። «ምን ይሆናሉ ብለህ ነው የሰጋኸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ተስፋ ቆርጠው ቶሎ ይሞቱብናል» አለ። «ካልጠየቁኝ አልነግራቸውም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም» አልኩት። ከዚያ አባትየውን፦ «አባባ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያስባሉ? ዝርዝሩን እርስዎ ይስሙት ወይስ ለልጅዎ ይነገር?» አባትየውን ሆኖ የተጫወተው ጓደኛዬ «ልጄ፣ እንደማይለቀኝ አውቄዋለሁ። ይልቅ የንስሐ አባቴን አስጠሩልኝ» አለ።

ይህ መልስ ዕቅዴን ቀየረው። መዋጥ ሲያቅታቸው ሥጋ ወደሙ መቀበል ይከብዳል። መናገር ሲያቅታቸው ኑዛዜም፣ መሬቱንና ዕዳውን መናገርም ይቀራል። እውነቱን «ቆይ በኋላ» እያልን ስናዘገየው የምንወስድባቸው ይህንን ጊዜ ነው። ስለዚህ የንስሐ አባት መጥራትን ሞርፊኑ ሕመሙን ከያዘ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት አስገባሁት። ቀኑን የሚቆርጡት በሽተኛው ራሳቸው ናቸው።

ስለ ምግብም ጻፍኩ። ቤተሰብ አጥሚት በግድ ሲያጠጣ ትን ይላቸዋል፣ ያስታውካቸዋል። ለልጅየው ያዘጋጀሁት አባባል ይኸው፦ «መብላት ስላቆሙ አይደለም የሚሞቱት፤ ሰውነታቸው እየተዘጋ ስለሆነ ነው መብላት ያቆሙት።» በምትኩ አፋቸውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ያረጥባል፣ ከንፈራቸውን ቫዝሊን ይቀባል። በመጨረሻው ሰዓት ጉሮሯቸው ሲያንኮራፋ ቤተሰብ እየታፈኑ ይመስለዋል። በጎን ማስተኛት ድምፁን ይቀንሰዋል። ይህንን ቀድሞ መንገር ይሻላል፤ ያኔ ደንግጠው በሌሊት ሐኪም ቤት ይዘዋቸው አይሮጡም።

አሁን የቀረኝ ቤታቸው ሆነው መዋጥ ቢያቅታቸው ሞርፊኑ በምን እንደሚሰጥና ማን እንደሚሰጠው መጻፍ ነው።