ትልቅ ሥዕል፣ ጥቂት ቃል፦ የእጅ መታጠብ ስላይድ እንዴት ሠራሁ

ጎንደር አዘዞ ለሚደረግ የሰፈር ስብሰባ ስለ እጅ መታጠብ ስላይድ እንድሠራ ተጠየቅሁ። ከሚመጡት ብዙዎቹ ማንበብ የማይችሉ እናቶች ናቸው። ስለዚህ በአንድ ስላይድ አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ ቢበዛ ሦስት ቃል ብዬ ተነሣሁ።

"እጃችሁን ታጠቡ" ማለት ለጎንደር ሰው ምን አዲስ ነገር አለው? ማዕድ ሲቀርብ እጅ የማያስታጥብ ቤት የለም። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሳሙናው ነው፤ ደግሞም ከሽንት ቤት መልስና ሕፃን ካጸዱ በኋላ መታጠቡ። ስላይዱን በሙሉ እዚህ ላይ አዋልኩት።

ሥዕሎቹን አትሜ መጀመሪያ ቡና ላይ ለተሰበሰቡ ጎረቤቶች አሳየሁ። "ገባችሁ?" ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሰው ይሉኝታ ይይዘውና "አዎ" ይላል። "ምን ይታያችኋል?" ነው የሚያዋጣው። ጀርም በአጉሊ መነጽር የሚታይበትን ሥዕል ሳወጣ አንዲት እናት "ትል ነው። እኔ ቤት ግን እንዲህ ያለ ትል የለም ልጄ" አሉኝ። ሌላው ላይ ከአንጓው በላይ የማይታይ እጅ ነበር። "ምን አግኝቶት ተቆረጠ?" ተባለ። ቀይ ኤክስም ቢሆን ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው እንዲሁ የተሰመረ መስመር ነው።

ጀርሙን አወጣሁት። በምትኩ እጄን ዘይት ቀብቼ የከሰል ዱቄት ነሰነስኩበት። በውኃ ብቻ ታጥቤ ፎቶ አነሣሁ፤ ጥቁሩ ጥፍር ሥርና አውራ ጣት ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ከዚያ በሳሙና 20 ሰከንድ ያህል ፈትጌ አለቅልቄ ደገምኩት። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረግሁ፤ አንዱ ሥር "በውኃ"፣ ሌላው ሥር "በሳሙና"። ውኃ ቅባትን አያነሣም፣ ሳሙና ግን ከነቆሻሻው ያነሣዋል። አንድ ነገር ግን በቃል መጨመር ግድ ነው፦ ጥቁሩ ከሰል እንጂ ጀርም አይደለም፤ ንጹሕ የሚመስል እጅም ጀርም ሊኖረው ይችላል። ለተቆረጠው እጅ ደግሞ መጀመሪያ ሴትየዋን ሙሉ አሳየሁ፣ ቀጥሎ እጇን ከነቀሚሷ እጅጌ በቅርብ።

ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጌ አስቀመጥሁት፤ ካልሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛው ፊደል ሊበላሽ ይችላል። ኤ3 ላይም አሳተምኩት። መብራት አይታመንማ።

በዕለቱ ክርክር ያስነሣው "ሳሙና ሽንት ቤት አጠገብ" የሚለው ሥዕል ነበር። "ቁራ ይወስደዋል" አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ቁራ ሳሙና ይወዳል። ዋጋውም አለ። መፍትሔው የሳሙና ውኃ ነው። 30 ግራም የልብስ ዱቄት ሳሙና 1.5 ሊትር ውኃ በያዘ ሃይላንድ ይበጠበጣል፤ ክዳኑ በምስማር ይበሳና ሽንት ቤቱ በር ላይ ይንጠለጠላል። ጭርሱን ሳሙና ከጠፋ አመድም ይሠራል። አሁን የመጨረሻው ስላይድ ያ ሃይላንድ ነው፤ ቃሉም ሁለት ብቻ፦ "የሳሙና ውኃ"።