ሦስት «እሺ»

ዛሬ ማታ ሆዴን የባር ባር ብሎታል፤ ምክንያቱም ሦስት «እሺ» ነው። የቡድን ሥራችንን ዕቅድ አዘጋጅቼ ግሩፓችን ላይ ብለጥፈው፣ ከሰ.፣ ከቤ. እና ከዮ. የመጣልኝ መልስ አንድ አንድ ቃል ብቻ ሆነ። የተስማማም ሰው «እሺ» ይላል፤ ያላነበበም ይላል፤ የተቀየመም ይላል።

ያለፈው ሳምንት ክፍፍል አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብንም ነበር። ሪፖርቱ አራት ክፍል አለው፣ እኛም አራት ነን፤ ስለዚህ መግቢያው ለእኔ፣ የተዛማጅ ጽሑፎች ዳሰሳው ለሰ.፣ መረጃ መሰብሰቡ ለቤ.፣ ትንተናው ለዮ. ተባለና ተበተንን። እኩል የሆነው ግን የርዕሶቹ ቁጥር እንጂ ሥራው አልነበረም። ቤ. መጠይቁን 40 ሰዎች ፊት ቀርባ ታስሞላለች፤ ለአንዱ ሰው 15 ደቂቃ ብንይዝ ይህ ብቻ 10 ሰዓት ነው፣ መጠይቁን ማዘጋጀትና መልሱን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ሲጨመር 16 ይደርሳል። የእኔ መግቢያ ከ4 ሰዓት አይበልጥም። ከዚህም በላይ አራቱን ጽሑፍ አንድ ላይ አድርጎ የሚያርምና የገለጻውን ስላይድ የሚሠራ ሰው አልተመደበም ነበር፤ እንዲህ ያለው ባለቤት የሌለው ሥራ ደግሞ በመጨረሻዋ ሌሊት ቀድሞ የጨነቀው ሰው ላይ እንደሚወድቅ ካለፈው ሴሚስተር አውቀዋለሁ።

ስለዚህ በሰዓት ቆጠርኩት። መግቢያ 4፣ ዳሰሳ 14፣ መረጃ 16፣ ትንተና 12፣ ማዋሃድና ማረም 6፣ ስላይድ 4፤ ድምሩ 56፣ ለአራት ሲካፈል 14 ነው። ዳሰሳው እንዳለ ለሰ. ቀረ። ከቤ. ላይ መልስ ከማስገባቱ ሥራ 2 ሰዓቱን አንስቼ ለዮ. ሰጠሁት፤ የሚተነትነው እሱ ስለሆነ የመልሶቹን ጉድለት ቀድሞ ቢያያቸው ይጠቅመዋል። መግቢያውን፣ ማዋሃዱንና ስላይዱን እኔ ወሰድኩ። ሁላችንም 14 ሰዓት ደረሰን፤ እውነቱን ለመናገር ሰንጠረዡን እያየሁ ትንሽ ኮራሁ።

ኩራቱ የቆየው ቀኖቹን መደልደል እስክጀምር ድረስ ነበር። ማስረከቢያው 28ኛው ቀን ስለሆነ ወደ ኋላ ቆጠርኩ፦ ማዋሃዱ በ24 ይጀመራል፣ ትንተናው በ22 ያልቃል፣ 40ው መጠይቅ በ15 ይጠናቀቃል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ መጠይቁ በሁለት ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ5 መጽደቅ አለበት፤ ግራ የሚያጋባ ጥያቄ ከ40ው በኋላ ቢገኝ የሚታረምበት መንገድ የለምና። በዚህ ጊዜ ነው የሰዓት እኩልነት ለካ የቀን እኩልነት እንዳልሆነ የገባኝ። ሰ. 14 ሰዓቷን በፈለገችው ቀን ታውለዋለች፣ ማንንም አትጠብቅም። ዮ. ግን ቤ. ሦስት ቀን ብትዘገይ ከሰባት ቀኑ ሦስቱ ይበሉበታል፤ ያዘገየችው እሷ ሆና እንቅልፍ የሚያጣው እሱ ነው።

ለዚህ ያገኘሁለት መላ ርክክቡን መከፋፈል ነው። ቤ. 40ውን እስክትጨርስ ሳትጠብቅ፣ የመጀመሪያዎቹን 10 መጠይቆች በ9ኛው ቀን ለዮ. ትሰጠዋለች፤ እሱም ባዶ ሰንጠረዦቹን አዘጋጅቶ በእነዚያ ይሞክራቸዋል። አሥሩ በ9ኛው ቀን ካልመጡ መዘግየቱን በ15 ሳይሆን ያኔውኑ እናውቃለን። በየዕለቱ «የት ደረስሽ?» ብሎ መጠየቅ «እየጨረስኩ ነው» ከማለት ያለፈ መልስ አያመጣም፤ በእጅ የሚቆጠር ወረቀት ግን አይዋሽም። 23ኛውን ቀን ደግሞ ሆን ብዬ ባዶ ተውኩት፣ ባዶ መሆኑን ግን ሰንጠረዡ ላይ አልጻፍኩም፤ ባዶ ቀን እንዳለ ካወቁ 22 የተባለው 23 ይሆናል ብዬ ነው። ይህ ብልጠት ይሁን ጓደኛን አለማመን፣ እስካሁን ለራሴ አልመለስኩትም። እኔስ ብሆን ማዋሃዱን የወሰድኩት ሸክሙን ልቀበል ብዬ ነው ወይስ የመጨረሻውን ቃል የምጽፈው እኔ እንድሆን?

ለማንኛውም ይህን ሁሉ ሳሰላ ሦስት ሰዓት ሄደ፣ ሦስቱ ሰዓት ደግሞ ሰንጠረዡ ውስጥ የሉም። ቢገቡ ድምሩ 59 ይሆናል፣ የእያንዳንዳችን ድርሻ 14 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፤ የእኔ 17 ስለሚደርስ ሦስቱም 45 45 ደቂቃ ዕዳ አለባቸው ማለት ነው። ይህን ጽፌ ልልክላቸው ስል መግቢያውን ያስቀመጥኩበትን ፋይል ከፈትኩት፤ ከርዕሱ በታች አንድም መስመር የለበትም። በ5ኛው ቀን ይጠናቀቃል ያልኩት ራሴ ነኝ፣ ዛሬ 4ኛው ቀን ነው። «የት ደረስክ?» የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ እየጨረስኩ ነው እለው ይሆን?