ለፀጉሬ ስንት ኪሎ ቅቤ ይዤ ልሂድ?

ለእረፍት ጅማ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ፣ ወደ ጀርመን ለመሄድ ቪዛ የምትጠብቀው የአክስቴ ልጅ «እዚያ ብርዱ ፀጉር ያደርቃል ይባላል፤ ስንት ኪሎ ቅቤ ይዤ ልሂድ?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ቀድማኝ «ሁለት ይበቃታል» አለች። እኔ ግን ምንም እንዳትይዝ ነገርኳት። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚነሣ መንገደኛ የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ ቅቤም ከዚያው ይቆጠራል። የከለከልኳት ግን በዚህ ብቻ አይደለም።

በጀርመን ባሳለፍኩት የመጀመሪያ የበረዶ ወቅት ፀጉሬ እንደ ጭድ ሲደርቅብኝ፣ ከዚያው ሱቅ ጨው የሌለው ቅቤ ገዝቼ እንደ ቤታችን ልማድ በየቀኑ እቀባ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት፣ ማሞቂያው በተለኮሰበት የሥራ ቦታዬ፣ ቅቤው ቀልጦ በግንባሬና በነጩ የሸሚዜ አንገትጌ ላይ ወረደ። ኃላፊዋ በደንበኞች ፊት ሽታው እንዳስቸገራት ነግራኝ ታጥቤ እንድመለስ ወደ ቤት ሰደደችኝ። ስለ ፀጉሬ ምንም ሳታውቅ በአደባባይ ማዋረዷ እስከ ዛሬ ያመኛል። በዚያ ቀን ፀጉሬን ስታጠብ ያየሁት ነገር ግን ከውርደቱ ይልቅ አስደነቀኝ፤ ከቅቤው ሥር ያለው ፀጉር እንደ ደረቀ ነበር።

ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። እያንዳንዱ የፀጉር ዘለላ ውጫዊ ሽፋኑ እንደ ሣር ክዳን በተደራረቡ ቅርፊቶች የተሠራ ነው። ክዳኑ ጥቅጥቅ ብሎ ከተኛ ውኃ ቶሎ አይገባም፤ ከገባም ቶሎ አይወጣም። ክዳኑ ከተነሣ ወይም ከተሰባበረ ውኃ በፍጥነት ይገባል፣ በዚያው ፍጥነትም ይወጣል። ይህ ፀጉር ውኃ የማስገባትና የመያዝ ጠባይ ፖሮሲቲ ይባላል። ከፀጉሩ ቅርጽ ጋር አንድ አይደለም፤ የእኔ ከርዳዳ ፀጉር ክዳኑ ጥብቅ ሲሆን፣ የአክስቴ ልጅ ሞገድ ያለው ዞማ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቀለሙ በኬሚካል በመነጣቱ ጫፉ ላይ ክዳኑ ተጎድቷል። ከርዳዳ ፀጉር የሚደርቅበት ሌላም ምክንያት አለው፤ የራስ ቆዳ ወዙ በጥምዝምዙ ላይ ወርዶ ጫፍ መድረስ ያቅተዋል።

ቅቤ በአብዛኛው ስብ በመሆኑ ፀጉርን አያጠጣም፤ ሥራው በውስጡ ያለው ውኃ ቶሎ እንዳይተን ማገድ ነው። እኔ ደግሞ ገና ውኃ ያልገባበትን ደረቅ ፀጉር ነበር የምከድነው። በየቀኑ የተደራረበው ቅቤ በኋላ የሚመጣውን ውኃ ሳይቀር ከለከለው። በጅማ እርጥብ አየር ይህ ስሕተት ብዙም አይታወቅም፤ ቀኑን ሙሉ ማሞቂያ በሚነድበት ቤት ግን አየሩ ስለሚደርቅ ወዲያው ይጋለጣል።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። የቆየውን ቅባት በሻምፖ አጥቤ፣ ፀጉሬ በለብ ያለ ውኃ እስኪርስ በትዕግሥት እጠብቃለሁ። ከዚያም ቀለል ያለ፣ ውኃ የበዛበት ኮንዲሽነር በየጉንጉኑ ቀብቼ፣ በላስቲክ ቆብ ሸፍኜ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል በሞቀ ፎጣ እጠቀልለዋለሁ፤ ሙቀቱ እንዲገባ ያግዘዋል። ካለቀለቅሁ በኋላ እርጥብ ሳለ ጥቂት ጠብታ ዘይት ይበቃዋል። ቅቤ ሲናፍቀኝ ከመታጠቤ በፊት በስሱ ተቀብቼ በሻምፖ አወጣዋለሁ።

በኢንተርኔት የሚታየውን፣ ዘለላ ፀጉር በብርጭቆ ውኃ ላይ ጥሎ መስመጡን የማየት ፈተና አላምነውም፤ ወዝ የነካው ፀጉር ክዳኑ ምንም ዓይነት ቢሆን ሊንሳፈፍ ይችላል። ስለዚህ የዚያን ዕለት ማታ የአክስቴን ልጅ ፀጉር ምንም ቅባት ሳይነካው አጥበን አደረቅነውና ውኃ ረጨሁበት። ከሥሩ አካባቢ ጠብታዎቹ ጥቂት እንደ ቆሙ ቆዩ፤ የነጣው ጫፍ ግን ወዲያው ጠጣቸው፤ ከሥሩም ቀድሞ ደረቀ።

ለእርሷ የመከርኳት ከእኔ የተለየ ነው። በታጠበች ቁጥር ኮንዲሽነር ታድርግ፤ ውኃው ሳይደርቅ ወፈር ያለ ክሬም፣ በላዩም ትንሽ ዘይት ትቀባ፤ ሁሉንም ግን ከጆሮዋ በታች ብቻ፣ ምክንያቱም ከሥሩ ከተቀባ ሞገዱ ተጭኖ ይተኛል። ፕሮቲን ያለበት ትሪትመንት አልፎ አልፎ ይጠቅማታል፤ ፀጉሯ ድርቅ ብሎ መሰባበር ከጀመረ ግን ታቁም። የተጎዳው ቅርፊት በማንኛውም ቅባት ተመልሶ አይበቅልም፤ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ የነጣውን ጫፍ ቀስ በቀስ እየቆረጠች መጠበቅ አለባት። እርሷም ቪዛው ሳይመጣ ሁለት ጣት ያህሉን እንድቆርጥላት መቀሱን አቀበለችኝ።