ሕፃኑ ሲተኛ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ

ሕፃን እያሳደግኩ ገቢ ለማግኘት የመረጥኩት ሥራ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። የመረጥኩትም ልጁ ድንገት ቢነቃ የሚበላሽ ነገር ስለሌለ ነው። ቅጂው ባለበት ይቆማል፣ የተጻፈው እንደተጻፈ ይቆያል፣ በዚያች ደቂቃ መልስ የሚጠብቅ ሰው የለም። ሥራውን በብዛት የሚሰጡት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች፣ ተመራማሪዎችና ጋዜጠኞች ናቸው። ለዛሬ ማታ ይድረስልኝ የሚል ደንበኛ ግን ለዚህ ኑሮ አይሆንም፤ ክፍያው ቢያጓጓም አልቀበልም።

ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የራሳችሁን ፍጥነት ለኩ። አምስት ደቂቃ ጥርት ያለ ንግግር ገልብጣችሁ ሃያ ደቂቃ ከፈጀ፣ ፍጥነታችሁ አራት እጥፍ ነው ማለት ነው። ክፍያ የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ በቅጂው ደቂቃ እንጂ በሠራችሁበት ሰዓት ስላልሆነ፣ ጫጫታ የበዛበት ወይም ሰዎች እየተሻሙ የሚናገሩበት ቅጂ ያከስራል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሦስት ደቂቃ ናሙና እጠይቃለሁ፤ ናሙናውም ከመካከሉ ይሁን እላለሁ። መጀመሪያው ሰላምታና ትውውቅ ስለሆነ ረጋ ያለ ነው፣ የቅጂውን እውነተኛ ጠባይ አያሳይም። እግረ መንገዴን፣ «እ...»ውና ድግግሞሹ ሳይቀር ቃል በቃል ይጻፍ ወይስ ተጣርቶ የሚለውን አስቀድሜ በጽሑፍ አስረግጣለሁ።

የሠላሳ ደቂቃ ቃለ መጠይቅ እንውሰድ። በአራት እጥፍ ሲታሰብ መገልበጡ 120 ደቂቃ ነው፤ እየሰሙ ማረሚያ 40 ደቂቃ ሲጨመርበት 160 ይሆናል። ልጁ በቀን ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ቢተኛ እንኳ 120 ደቂቃ አለኝ ብላችሁ እንዳታስቡ። የሚጠፋው፣ የሚቋረጠውና እናት ራሷ ማረፍ ያለባት ጊዜ አለ። እኔ የምቆጥረው አንድ ሦስተኛውን፣ ማለትም 40 ደቂቃውን ብቻ ነው። እንግዲህ ሥራው አራት ቀን ይወስዳል፤ ለደንበኛው ግን ስድስት ቀን እላለሁ። ጥርስ ሲያወጣ ወይም ሲያመው የእንቅልፉ ልክ ስለሚዛባ ሁለቱ ቀን የዚያ መጠባበቂያ ናቸው።

አቋርጦ መመለስ የራሱ ዘዴ አለው። የምጽፈው oTranscribe በሚባል፣ በብራውዘር በሚከፈት ነፃ መሣሪያ ነው። Esc ድምፁን ያቆማል፣ ያስቀጥላል፤ Ctrl+J ደግሞ የደረስኩበትን ሰዓት ጽሑፉ ውስጥ ያስገባል። በየሁለት ደቂቃው ቅጂ አንድ የሰዓት ምልክት አስገባለሁ። ልጁ ሲነቃ ዓረፍተ ነገሩን ልጨርስ ሳልል Esc ተጭኜ እነሣለሁ። ስመለስ የመጨረሻውን ምልክት ስጫን ድምፁ እዚያው ይሄዳል፤ ከዚያ ወደተውኩት ቦታ ተጠግቼ ዐሥር ሰከንድ ያህል ቀደም ብዬ እሰማለሁ። እነዚያ ሰከንዶች የተናጋሪውን አነጋገር ጆሮ ላይ መልሰው ያመጣሉ፤ ካልተሰሙ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ጽሑፉ የሚቀመጠው እዚያው ብራውዘር ውስጥ ስለሆነ የብራውዘሩ ታሪክና ዳታ ከተጠረገ ሊጠፋ ይችላል። በቀኑ መጨረሻ ሁሉንም ገልብጦ ሌላ ፋይል ላይ ማስቀመጥ ግድ ነው። የድምፅ ፋይሉንም መሣሪያው ሲከፈት እንደገና መምረጥ ስለሚያስፈልግ በቀላሉ የሚገኝበት ቦታ አስቀምጡት።

ማዳመጫ በአንድ ጆሮ ብቻ አድርጉ፤ ሌላው ጆሮ የልጁ ነው።

ተቆራርጦ የሚሠራ ጽሑፍ ትልቁ ጠንቁ የፊደል አለመመሳሰል ነው። ጠዋት «ኃይሉ» የተባለው ሰው ከሰዓት «ሀይሉ» ይሆናል፤ «ሥራ» «ስራ» ይሆናል። አንባቢ ችላ ቢለው እንኳ የኮምፒውተር ፍለጋ እንደ ሁለት የተለያዩ ቃላት ስለሚያያቸው፣ አንዱን የፈለገ ተመራማሪ ሌላውን አያገኘውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ የስሞችና የሚደጋገሙ ቃላት ዝርዝር በወረቀት እይዛለሁ፤ ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ አጻጻፉን ወስኜ እመዘግባለሁ። ያልሰማሁትን ቃል በግምት አልሞላም፤ [አይሰማም 12:40] ብዬ አልፋለሁ። በማግስቱ፣ ጆሮ ካረፈ በኋላ፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ ግልጽ ሆነው ይሰማሉ።

እርማቱን ከመገልበጡ ጋር በአንድ እንቅልፍ ውስጥ አላደርግም። የደከመ ዓይን ራሱ የጻፈውን ስሕተት ትክክል አድርጎ ያነባል። በሌላ ቀን ድምፁን ሳላቆም እየሰማሁ፣ ዓይኔን ጽሑፉ ላይ አድርጌ፣ ስሕተት ካየሁ ብቻ አቆማለሁ። ከዚያ ዝርዝሩን ይዤ እያንዳንዱን ስም በCtrl+F እፈልጋለሁ፤ ሌላውንም አጻጻፍ አብሬ። ጽሑፉን ልኬ ደንበኛው ደረሰኝ ሲል ቅጂውን ከኮምፒውተሬም ከስልኬም አጠፋለሁ፤ የሰው ምስጢር ሊኖርበት ይችላልና።