የ3276ን አካፋዮች ሳልዘረዝር እንዴት ቆጠርኳቸው፣ እንዴትስ ደመርኳቸው

የአንድ ቁጥር አካፋዮች ስንት እንደሆኑ ለማወቅ ሁሉንም መዘርዘር አያስፈልግም። ቁጥሩ ከየትኞቹ ብቸኛ (ፕራይም) ቁጥሮች ብዜት እንደተሠራ ከታወቀ፣ ብዛታቸውም ድምራቸውም በጥቂት ማባዛት ይገኛል። እዚህ 3276ን ይዤ ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳያለሁ። ይህን ቁጥር የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ ትንሽ ይምሰል እንጂ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ እሱ ውስጥ አሉ።

መጀመሪያ ቁጥሩን መበተን ነው። ከትንሹ ብቸኛ ቁጥር እነሳና እስኪያቅተው ድረስ በእሱ አካፍላለሁ። 3276 ለ2 ሲካፈል 1638፣ እንደገና ለ2 ሲካፈል 819 ይሆናል። 819 ጎዶሎ ስለሆነ 2 እዚህ አበቃ፤ ሁለት ጊዜ ወጥቷል። የ819 አሃዞች ድምር 18 ስለሆነ ለ3 ይካፈላል፦ 273፣ ከዚያ 91። የ91 አሃዞች ድምር 10 ነው፣ ስለዚህ 3ም ሁለት ጊዜ ወጥቶ አለቀ። 91 በ0 ወይም በ5 ስለማያልቅ 5ን አልፋለሁ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። 91 ብቸኛ ቁጥር ይመስላል፤ ለ2ም ለ3ም ለ5ም አይካፈልም፣ በቃል ከምናውቀው የማባዣ ሰንጠረዥም ውስጥ የለም። እኔ ግን መቼ እንደማቆም የምወስነው በመልኩ አይደለም። የምሞክረው ቁጥር በራሱ ሲባዛ ከቀረኝ ቁጥር እስካልበለጠ ድረስ አላቆምም። 7 × 7 = 49 ሲሆን ከ91 ያንሳል፣ ስለዚህ 7ን መሞከር ግዴታ ነው። ስሞክረውም ይካፈላል፦ 91 = 7 × 13። አሁን የቀረኝ 13 ነው፤ 49 ደግሞ ከ13 ይበልጣልና እዚህ ማቆም እችላለሁ። 13 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ ትንሹ ከ4 በታች መሆን ነበረበት፤ 2ንና 3ን ደግሞ ቀድሜ አውጥቼ ጨርሻለሁ። ስለዚህ 13 ያለ ተጨማሪ ሙከራ ብቸኛ ነው።

ልብ በሉ፣ ማነጻጸሪያው በእጅ ላይ የቀረው ቁጥር እንጂ መነሻው 3276 አይደለም። የ3276 ስኩዌር ሩት 57 ገደማ ስለሆነ፣ በመነሻው ቁጥር የሚለካ ሰው እስከ 53 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ በከንቱ ይሞክራል። በቀሪው የሚለካ 7 ላይ ይጨርሳል።

እንግዲህ 3276 = 2² × 3² × 7 × 13 ነው። የ3276 አካፋይ የሆነ ማንኛውም ቁጥር ከእነዚሁ ብቸኛ ቁጥሮች ውጪ ሌላ ሊይዝ አይችልም፤ ከያንዳንዳቸውም እዚህ ካለው በላይ ሊወስድ አይችልም። ስለዚህ አካፋይ መሥራት ማለት መምረጥ ነው፦ ከ2 ምንም፣ አንድ ወይም ሁለት (3 ምርጫ)፣ ከ3ም እንዲሁ 3 ምርጫ፣ ከ7 መውሰድ ወይም መተው (2 ምርጫ)፣ ከ13ም 2 ምርጫ። 3 × 3 × 2 × 2 = 36። አርቢው ላይ 1 የሚደመረው «ምንም አለመውሰድ» ራሱ አንድ ምርጫ ስለሆነ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው አርቢዎቹን ብቻ አባዝቶ 2 × 2 × 1 × 1 = 4 ይላል። ቁጥሩ ግን 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እያለ ገና ሲጀመር ከ4 ያልፋል።

ድምሩም ከዚሁ ሐሳብ ይወጣል፤ ቀመሩን ከመሸምደድ ይልቅ በዓይን ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ለጊዜው 7ንና 13ን ትቼ 2² × 3² = 36ን ብቻ ልውሰድ። አካፋዮቹን በሦስት ረድፍ እጽፋለሁ፦

```
1    3    9     ድምር 13
2    6   18     ድምር 26
4   12   36     ድምር 52
```

የመጀመሪያው ረድፍ 1 + 3 + 9 = 13 ነው። ሁለተኛው ያው ረድፍ በ2 ተባዝቶ፣ ሦስተኛው በ4 ተባዝቶ ነው። ስለዚህ ጠቅላላው 13 × (1 + 2 + 4) = 13 × 7 = 91 ይሆናል። አሁን 7ን ስመልሰው ዘጠኙ አካፋዮች እንዳሉ ይቆዩና እያንዳንዳቸው በ7 ተባዝተው በድጋሚ ይመጣሉ፤ ብዛቱ 18፣ ድምሩ 91 × (1 + 7) = 728። 13ን ስጨምር ደግሞ ብዛቱ 36፣ ድምሩ 728 × (1 + 13) = 10192። በአንድ መስመር ሲጻፍ፦

(1 + 2 + 4) × (1 + 3 + 9) × (1 + 7) × (1 + 13) = 7 × 13 × 8 × 14 = 10192

መጽሐፍ ላይ ብቸኛው ቁጥር p፣ አርቢው a ተብለው የእያንዳንዱ ቅንፍ ድምር (pᵃ⁺¹ − 1) ÷ (p − 1) ተብሎ ይሰጣል። ትክክል ነው፣ ነገር ግን አርቢው ላይ ያለውን +1 መዘንጋት በጣም ቀላል ነው። ለ2² (4 − 1) ÷ 1 = 3 ብሎ የጻፈ ሰው 4ን ራሱን ከድምሩ አስቀርቷል። አርቢው ትንሽ ሲሆን እኔ ቀመሩን አልጠቀምም፤ ከ1 ተነሥቼ «በp አባዛ፣ 1 ደምር» እያልኩ አርቢው ያለውን ያህል ጊዜ እደጋግማለሁ። ለ3² ከ1 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 13 ነው። ማካፈል የለበትም፣ +1 የሚረሳበት ቦታም የለውም።

ወደ 91 እንመለስ፣ ምክንያቱም ስህተቱ እንዴት እንደሚደበቅ የሚያሳየው እሱ ነው። 91ን ብቸኛ ነው ብሎ የወሰደ ሰው ብዛቱን 3 × 3 × 2 = 18፣ ድምሩን 7 × 13 × 92 = 8372 ያገኛል። ሁለቱም መልሶች አሳማኝ ይመስላሉ። ይባስ ብሎ ያ ሰው መልሱን ለማረጋገጥ ከ1 እስከ 57 ያሉትን አካፋዮች ቢቆጥር በትክክል 18 ያገኛል፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 7፣ 9፣ 12፣ 13፣ 14፣ 18፣ 21፣ 26፣ 28፣ 36፣ 39፣ 42፣ 52። ገጠመልኝ ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ያሉት ግማሾቹ ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከላይ ጥንድ አላቸው፣ 52 ከ63 ጋር፣ 42 ከ78 ጋር። ስለዚህ 18 ጥንድ፣ 36 አካፋይ። በዚህ መንገድ ስታረጋግጡ ሁልጊዜ በ2 አባዙ፤ ቁጥሩ ራሱ ስኩዌር ከሆነ ብቻ መካከለኛው ከራሱ ጋር ስለሚጣመር 1 ቀንሱ። ብዛቱ ጎዶሎ የሚሆነውም ለስኩዌር ቁጥሮች ብቻ ነው። 3276 ስኩዌር ስላልሆነ ጎዶሎ ብዛት ብታገኙ ወዲያው ስህተት እንዳለ ታውቃላችሁ።

ሌላው ወጥመድ ቁጥሩን እንደተመቸ ለሁለት ከፍሎ የየራሳቸውን ውጤት ማባዛት ነው። 3276 = 36 × 91 ብሎ መክፈል ይሠራል፦ የ36 ድምር 91፣ የ91 ድምር 112፣ ብዜታቸው 10192። 3276 = 42 × 78 ብሎ መክፈል ግን አይሠራም፦ 96 × 168 = 16128። ልዩነቱ 42ና 78 የጋራ አካፋይ 6 ስላላቸው ነው። 6 አንዴ ከ42 ብቻ፣ አንዴ ከ78 ብቻ፣ ሌላ ጊዜም 2 ከአንዱ 3 ከሌላው ተወስዶ ይሠራል፤ አንዱ አካፋይ ደጋግሞ ይቆጠራል ማለት ነው። መክፈል የሚቻለው ሁለቱ ክፍሎች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ከሌላቸው ብቻ ነው።

በፓይተን የጻፍኩት ይህን ይመስላል፦

```python
def divs(n):
    count, total, p = 1, 1, 2
    while p * p <= n:
        e, s = 0, 1
        while n % p == 0:
            n //= p
            e += 1
            s = s * p + 1
        count *= e + 1
        total *= s
        p += 1
    if n > 1:
        count *= 2
        total *= n + 1
    return count, total
```

`divs(3276)` የሚመልሰው `(36, 10192)` ነው። p አንድ በአንድ ሲጨምር 4ንና 6ንም ይሞክራል፤ ግን 2ና 3 ቀድመው ስለወጡ አይካፈሉም፣ ስለዚህ ጉዳት የለውም። ከሁሉም በላይ የሚረሳው መስመር `if n > 1` ነው። እሱ ከጠፋ የመጨረሻው 13 ሳይቆጠር ይቀርና ውጤቱ `(18, 728)` ይሆናል። 18 ብቻውን ምንም አይናገርም፤ 728 ግን ወዲያው ያጋልጣል፣ ምክንያቱም 3276 የራሱ አካፋይ ስለሆነ ድምሩ ከ3276 በታች ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ብዛቱን ብቻ ብትፈልጉም ድምሩን አብራችሁ አውጡ እላለሁ፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይመሰክራሉ። ለ0 ደግሞ ኮዱ `(1, 1)` ብሎ ይመልሳል። ያ ስህተት ነው፣ የ0 አካፋዮች ማለቂያ የላቸውም፤ ከ1 በታች ያለ ቁጥር ሳይገባ አስቀድሞ መመለስ አለበት።

ኮዱን ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር በሚጠቀም ቋንቋ የሚጽፍ ሰው `p * p <= n` በሚለው ላይ ይጠንቀቅ። የምልክት ቢት ላለው ኢንቲጀር ጣሪያው 2147483647 ነው፤ 46341 በራሱ ሲባዛ 2147488281 ስለሚሆን ያልፈዋል። `p <= n / p` ተብሎ ቢጻፍ ችግሩ አይነሣም። የውድድር ጥያቄዎች ድምሩን በአንድ ትልቅ ቁጥር ተካፍሎ የሚቀረውን ብቻ ሲጠይቁም፣ ከላይ ያልኩት «አባዛና 1 ደምር» ዘዴ በየእርምጃው ቀሪውን እየወሰደ ያለ ችግር ይሄዳል። በ(p − 1) የሚያካፍለው ቀመር ግን ቀሪ ላይ እንዲሁ ማካፈል ስለማይቻል የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።

የዚህ መንገድ ወሰን ያለው መበተኑ ላይ ነው፤ ከተበተነ በኋላ ያለው ማባዛት ጊዜ አይወስድም። ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ቢበዛ እስከ 1000000 መሞከርን ይጠይቃል፣ ይህ ለኮምፒውተር ቀላል ነው። ባለ 18 አሃዝ ቁጥር የሁለት ተቀራራቢ ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ግን ሙከራው እስከ 1000000000 ሊጠጋ ይችላል። 2ን ለብቻው አውጥቶ ከዚያ በኋላ ጎዶሎዎቹን ብቻ መሞከር ሥራውን በግማሽ ይቀንሰዋል። ከዚያ በላይ ላለ ቁጥር አንድ በአንድ ከመሞከር የተለየ የመበተኛ ዘዴ ያስፈልጋል፤ የብዛቱና የድምሩ ስሌት ግን እዚያም ያው ነው።