በካርታው ማኅደር ውስጥ ያልገባ ስምምነት ገዢን አይይዝም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተን ከሠራን ሰዎች አንዱ ነኝ። ስንጀምር በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ሁለት ነገር አስፍረን ነበር። ማንም ከጂ ፕላስ አንድ በላይ አይሠራም። በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ደግሞ ወፍጮ፣ ጋራዥና መጠጥ ቤት አይከፈትም። ሁላችንም ፈረምን። ቤቱ አለቀ፣ ካርታ በየስማችን ወጣ፣ አንዳንዱም መሸጥ ጀመረ። ጣጣው የመጣው ያኔ ነው።

ደንብ የሚይዘው አባልን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1952 ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ቤቱን የገዛው ሰው ከእኛ ጋር አልተዋዋለም፣ አባልም አይደለም። የፈረመው ሰውዬ ብሩን ተቀብሎ ባሕር ዳር ገብቷል። ታዲያ ማንን ትከሳለህ?

መውጫው እዚያው ሕግ ውስጥ አለ። ቁጥር 1359 ላይ ያለው የንብረት አገልግሎት የሚባለው ነው። በአጭሩ አንድ ይዞታ ለሌላ ይዞታ ጥቅም ሲባል ሸክም ይሸከማል። ሸክሙ መተላለፊያ መስጠት ሊሆን ይችላል። አንድን ነገር ከማድረግ መታቀብም ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ግዴታው ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከቦታው ጋር መሄዱ ነው። ባለቤቱ ቢለወጥም ቦታው እዚያው ነው።

ስለዚህ የእኛን የኋላ ረድፍ ሰዎች ቡና ጠርቼ የደንቡን ሁለት ነገሮች እንደ ንብረት አገልግሎት የያዘ አዲስ ወረቀት እንድንፈርም ለመንኳቸው። አብዛኞቹ እሺ አሉ። አንድ ጎረቤታችን ግን «ወንድሜ፣ ልጆቼ ነገ ምን እንደሚሠሩበት አላውቅም፤ እጃቸውን አላስርም» አሉ። መብታቸው ነው። ሳይፈርሙ ቀሩ።

ውሉን ስናረቅ የተጨቃጨቅነው በቃላት ላይ ነበር። «ከፍ ያለ ቤት አይሠራም» የሚል ዓረፍተ ነገር ፍርድ ቤት ሲደርስ ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ ከፍታውን በሜትር ጻፍን፣ ከየት ተነሥቶ እንደሚለካም ጨመርን። የእኛ ሰፈር ተዳፋት ስለሆነ ከላይኛው አጥር ስትለካና ከታችኛው ስትለካ አንድ ፎቅ ያህል ይለያያል። ከዚያ የየትኛው ካርታ ቁጥር ሸክሙን እንደሚሸከም፣ የትኛው እንደሚጠቀም አንድ በአንድ ዘረዘርን። ባልና ሚስት ሁለቱም ፈረሙ፤ የጋራ ቤት ላይ አንዱ ብቻ ከፈረመ ሌላው ነገ ሊያፈርሰው ይችላል። ቁጥር 1723 እንዲህ ያለ ውል በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግ ስለሚያዝ እዚያ ሄደን አስመዘገብን። በመጨረሻ አንዳንድ ቅጂ በየቤቱ የይዞታ ማኅደር ውስጥ እንዲገባ ለማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ አስገባን፣ ገቢ የሆነበትንም ማኅተም አስመታን። ብዙ ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ይንቃታል። ገዢ ቤት ሲገዛ የሚያየው ማኅደሩን እንጂ የእኛን ቡና አይደለም።

ከዚያ ሁለት ቤት ተሸጠ። አንዱ የፈረመ፣ አንዱ ያልፈረሙት ሰውዬ ቤት።

የፈረመው ቤት ከእኛ በስተ ደቡብ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በእኩለ ቀን እንኳ ዘጠኝ ሜትር ግድግዳ ስድስት ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። የእኛ ጓሮ ከዚያ አይበልጥም። ብቅል የምናሰጣውም፣ በርበሬ የምናደርቀውም እዚያው ነው።

አንድ ጠዋት ሁለተኛው ሶሌታ ተሞልቶ የዓምዶቹ ፌሮ ሳይቆረጥ ወደ ላይ ቀርቶ አየሁ። ሥራውን የጨረሰ ሰው ፌሮ አያስቀርም። ሄጄ ስጠይቀው ገዢው በትሕትና «ጋሼ፣ እኔ የሦስት ወለል ፈቃድ አለኝ፤ ማዘጋጃ ቤት ፈቅዶ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ። ጥያቄው ብልህ ነው፣ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያቀላቅላል። የግንባታ ፈቃድ የሚያየው ሥራው ከከተማው ፕላንና ከግንባታ ደንቡ ጋር መስማማቱን ነው። በጎረቤታሞች መካከል ያለን የግል ግዴታ አያነሣም።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠነው፣ አልተወም። ክስ መሠረትን፣ ከክሱ ጋርም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 155 መሠረት የእግድ ትእዛዝ ጠየቅን። እዚህ ላይ መቸኮል ያስፈልጋል። ግዴታን ጥሶ የተሠራን ነገር ማስፈረስ በሕግ ይቻላል። ነገር ግን ሰው ገብቶበት እየኖረ ያለን ፎቅ አፍርሱ ብሎ የሚያዝ ዳኛ ማግኘትና የቆመን ዓምድ እንዳይቀጥል ማሳገድ በጣም ይለያያሉ።

ገዢው «አላወቅሁም» ብሎ ተከራከረ። እንግሊዞች ዘንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። ለንደን ውስጥ ሌስተር አደባባይ ያለውን የአትክልት ቦታ ሳይሠራበት እንዲቆይ ቃል ተገብቶ ተሸጠ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የገዛው ሰው ሊሠራበት ተነሣ፣ ፍርድ ቤቱም በ1848 ከለከለው። ምክንያቱ ሰውዬው ሲገዛ ስለ ቃሉ ያውቅ ነበር የሚል ነው። እኛ ግን ሰው ምን ያውቅ እንደነበር ለማስረዳት አልደከምንም። ፍርድ ቤቱ ማኅደሩን አስቀረበ፣ ውሉ ውስጡ ተገኘ፣ እግዱ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ገባ። ፌሮው ተቆረጠ፣ ቆርቆሮው ተመታ፣ ክሱም በስምምነት ተዘጋ። ስለ ጥላው አንድም ሰው አልጠየቀንም። ውል ካለህ ጉዳት ደረሰብኝ ብለህ ማስረዳት አይጠበቅብህም፣ ውሉ መጣሱን ማሳየት ይበቃል።

በነገራችን ላይ ከፊት ረድፍ ያሉ አንድ እትዬ እኛም ከእናንተ ጋር እንክሰስ ብለው መጥተው ነበር። ቤታቸው ተጠቃሚ ተብሎ በውሉ ውስጥ ስላልተጠቀሰ አልተቻለም። ጎረቤት መሆን ብቻውን የመክሰስ መብት አይሰጥም።

ያልፈረሙት ሰውዬ ቤት ውስጥ ደግሞ ገዢው ወፍጮ ተከለ። እዚህ የቀረን ቁጥር 1225 ብቻ ነው። ባለሀብት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት ወደ ጎረቤቱ መልቀቅ የለበትም ይላል። ስለዚህ ልክ ማለፉን ማስረዳት የእኛ ሥራ ሆነ። ግድግዳችን ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ነበረች። ጫፏ ላይ በእርሳስ መስመር አስምሬ ቀኑን ጻፍኩ። ከሳምንታት በኋላ ስንጥቁ መስመሩን አልፎ ሄደ፣ እንደገና አሰመርኩ። ሞተሩ የሚነሣበትንና የሚቆምበትን ሰዓት በደብተር ያዝን። ጉዳዩን እንዲያይ የተላከው ባለሙያ ከሁሉ በላይ ያያት ያችን የእርሳስ ምልክት ነው።

ወፍጮው አልተዘጋም። ሞተሩ ከጋራ ግድግዳው ተነሥቶ ለብቻው መሠረት ላይ ተተከለ፣ ማታና ሌሊት እንዳይሠራ ተወሰነ። ዱቄቱ አሁንም ልብስ ላይ ያርፋል። ያ ቤት ፈርሞ ቢሆን ወፍጮው ጭራሽ አይከፈትም ነበር።

ይህን ሲያዩ በዋናው አስፋልት ዳር ያሉት አባላት እነሱም እንደ እኛ የከፍታ ውል ሊፈርሙ መጡ። የከተማው ፕላን ግን በአስፋልቱ ዳር ዝቅተኛውን የፎቅ ብዛት ወስኖ ከእኛ ከፍታ በላይ አድርጎታል። ፕላኑን የሚጻረር የግል ውል አይጸናም። ስለዚህ የከፍታውን አንቀጽ አውጥተን ስለ ወፍጮና ስለ ጋራዥ ያለውን ብቻ አስቀረንላቸው።